የአንድ ጠዋት ብርድ ስለ ሠላሳ ዓመት አይመሰክርም

«ዘንድሮ በኅዳር የአዲስ አበባ ብርድ አጥንት ድረስ ገባ፤ ምድር ሞቀች የሚሉን ሰዎች ይህን ምን ይሉታል? የአየር ሁኔታና የአየር ንብረት ለአንድ ነገር የተሰጡ ሁለት ስሞች ናቸው። የመጪውን ሳምንት ዝናብ አስተካክሎ መናገር ያቃተው ባለሙያ እ.ኤ.አ. የ2050ን ሙቀት ከየት ያውቀዋል? ደግሞስ አንድ ዲግሪ ምን አላት? ከማለዳ እስከ ቀትር ከአሥር ዲግሪ በላይ ሲለዋወጥ እንኖር የለም ወይ? ድርቅም ቢሆን በአያቶቻችን ዘመን የነበረ ነው።»

ይህን ጽሑፍ በስልኩ ከፍቶ ያሳየኝ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የእህቴ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ እውነት ይመስላል» አለኝ። እኔም በወጣትነቴ ለጥቂት ዓመታት በአንድ የሜትሮሎጂ ጣቢያ መዝጋቢ ሆኜ ስለሠራሁ ጉዳዩ ይመለከተኛል። ለእሱ ያስረዳሁትን ለሌሎች እኩዮቹም እንዲደርስ ጻፍኩት። የጸሐፊውን ቅደም ተከተል ትቼ ከሁለተኛው ነጥብ እጀምራለሁ፤ ሌሎቹ ሁሉ የተንጠለጠሉት በእሱ ላይ ነውና።

ስለ ሁለቱ ስሞች አማርኛችን ራሱ ጥሩ ምስክር ነው። ደብረ ብርሃን ደጋ ነው እንላለን እንጂ «ደብረ ብርሃን ዛሬ ደጋ ሆኗል» የሚል ሰው የለም። መተማም በነሐሴ ሰማዩ ደምኖ ለጥቂት ቀን ቀዝቀዝ ቢል ቆላነቱን ትቷል አይባልም። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ የሚሉት ቃላት አንድ አገር በብዙ ዓመት ውስጥ ያሳየውን ጠባይ ይናገራሉ፤ ይህ የአየር ንብረት ነው። «ዛሬ ብርድ ነው»፣ «ማታ ካፊያ ጣለ» ስንል ግን የምንናገረው ስለ ሰዓታትና ስለ ቀናት ነው፤ ይህ የአየር ሁኔታ ነው። ገበሬው ጤፉን በሐምሌ የሚዘራውና በኅዳር ለማጨድ የሚያስበው የአካባቢውን የአየር ንብረት ስለሚያውቅ ነው። ያጨደውን ዛሬ ይከምረው ወይስ ነገ ሲል ግን ቀና ብሎ የሚያየው ደመናውን ነው። ሁለቱን ውሳኔዎች በአንድ ዓይነት ዕውቀት አይወስንም።

በጣቢያው እሠራው የነበረው ሥራ ይህንኑ በቅርብ ያሳያል። በየጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን በዝናብ መለኪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ መስመር ወደተሰመረበት የመስታወት መለኪያ ገልብጬ አነባለሁ፤ አንድ ሚሊ ሜትር ከሆነ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወርዷል ማለት ነው። ከዚያ ነጩን ባለ መዝጊያ የእንጨት ሳጥን እከፍታለሁ። ሳጥኑ ጎኖቹ እንደ ሸንተረር የተከፋፈሉ ስለሆኑ ነፋስ ያሳልፋል፣ ፀሐይ ግን አያስገባም። በውስጡ ካሉት ቴርሞሜትሮች አንዱ አልኮል የያዘ ሲሆን፣ በአልኮሉ ውስጥ ቀጭን ጠቋሚ አለ። ሌሊት ሲቀዘቅዝ አልኮሉ እየሸሸ ጠቋሚውን ይዞት ይወርዳል፤ ጠዋት ሲሞቅ ግን ጠቋሚውን ትቶት ያልፋል። ስለዚህ እኔ በ3 ሰዓት ስደርስ ጠቋሚው ሌሊቱ የደረሰበትን ዝቅተኛ ሙቀት ይዞ ይጠብቀኛል። ትንፋሼ እንዳያሞቀው ቶሎ አንብቤ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ቴርሞሜትሩን ዘንበል አድርጌ ጠቋሚውን ወደ ቦታው እመልሳለሁ።

በዚያ መዝገብ ላይ የጻፍኩት እያንዳንዱ ቁጥር የአየር ሁኔታ ነበር። የአየር ንብረት ግን በአንዱም ገጽ ላይ ብቻውን አልተጻፈም፤ የሚታየው የብዙ ዓመት ገጾች አንድ ላይ ሲቆጠሩ ነው። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ለዚህ የሚጠቀመው መለኪያ ሠላሳ ዓመት ሲሆን፣ አሁን የሚሠራበትም እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ዘመን ነው። ሠላሳ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ለምሳሌ የፓስፊክ ውቅያኖስን ውሃ የሚያሞቀውና የእኛን ክረምት የሚያደክመው ኤልኒኖ በየሁለት እስከ ሰባት ዓመት ይመላለሳል። አምስት ዓመት ብቻ ብንቆጥር ኤልኒኖ የበዛበትን ወይም ጨርሶ የሌለበትን ዘመን ይዘን ልንሳሳት እንችላለን፤ ሠላሳ ዓመት ግን ብዙዎቹን ምልልሶች በውስጡ ይይዛል። ሲቆጠርም አማካዩ ብቻ አይወሰድም። ዝናቡ መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚወጣ፣ ውርጭ በስንት ዓመት አንዴ እንደሚመጣ፣ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ምን ያህል እንደሚራራቁ፣ ይህ ሁሉ የአየር ንብረት አካል ነው።

አሁን ወደ ኅዳር ብርድ እንመለስ። የአዲስ አበባ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት የሚቀዘቅዘው ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ብቻ አይደለም። በነዚያ ወራት አየሩ ደረቅ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ስለሚሆን፣ መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ያለ ከልካይ ወደ ሰማይ ትለቀዋለች። በነሐሴ ደመናው እንደ ጋቢ ሆኖ ሙቀቱን ስለሚይዘው፣ ቀኑ ቀዝቃዛ ቢሆንም ሌሊቱ እንደ ኅዳር አይከፋም። እንግዲህ ኅዳር ብርዳም መሆኑ ራሱ የአየር ንብረታችን ነው፤ ጸሐፊው ያገኘው ያ አንድ የከፋ ጠዋት ደግሞ የአየር ሁኔታ ነው።

ያ ጠዋት ስለ ሙቀት መጨመር ምን ይነግረናል? ለእህቴ ልጅ በወረቀት ላይ ያሰላሁለትን እነሆ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው እንጂ ከአዲስ አበባ መዝገብ የተቀዱ አይደሉም። የኅዳርና የታኅሣሥ የሌሊት ዝቅተኛ ሙቀት በአማካይ 8 ዲግሪ ነው እንበል፤ ከሦስት ጠዋቶች ሁለቱ ከዚህ አማካይ በ2 ዲግሪ ክልል ውስጥ የሚወድቁ፣ ሌሎቹም ከአማካዩ እየራቁ ሲሄዱ በሁለቱም ወገን ቁጥራቸው ቀስ እያለ የሚያንስ ይሁኑ። ሁለቱ ወራት በዓመት ስድሳ ያህል ጠዋት ስላላቸው፣ 1,000 ጠዋት ለመሰብሰብ ወደ አሥራ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ከነዚህ 1,000 ጠዋቶች ውስጥ ከ4 ዲግሪ በታች የሚወርዱት፣ ማለትም አጥንት የሚነኩት፣ 23 ያህል ይሆናሉ። ከ12 ዲግሪ በላይ የሚሆኑት ለወቅቱ ለየት ያሉ ሞቃት ጠዋቶችም እንዲሁ 23 ያህል ናቸው። ሚዛኑ እኩል ነው።

አሁን አማካዩ በአንድ ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ 9 ይሁን፤ ሌላው ሁሉ እንደነበረ ይቆይ። ከ4 ዲግሪ በታች የሚወርዱት ጠዋቶች ከ23 ወደ 6 ይቀንሳሉ፤ ከ12 በላይ የሚሆኑት ደግሞ ከ23 ወደ 67 ያድጋሉ። ልብ ማለት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አየሩ በእርግጥ ሞቋል፤ ያም ሆኖ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ስድስት አጥንት የሚነኩ ጠዋቶች ይቀራሉ፣ በየሦስት ዓመቱ አንድ እንደማለት ነው። ጸሐፊው ያገኘው ከስድስቱ አንዱን ሊሆን ይችላል። ከሞቀውም ካልሞቀውም ዓለም ሊመጣ የሚችል ጠዋት ስለሆነ፣ ከየትኛው እንደመጣ ራሱ ጠዋቱ ሊናገር አይችልም። የሚናገረው ቆጠራው ነው፤ 23 የነበረው 6፣ 23 የነበረው 67 መሆኑ።

ይህ ሕግ ለሁሉም ወገን ይሠራል። በመጋቢት አንድ ቀን ፀሐይዋ ስታቃጥል «ይኸው የአየር ንብረት ለውጥ» ብሎ መጮህም ያው ስሕተት ነው፤ ይህንንም በትክክለኛው ወገን ነን ከሚሉ ሰዎች አዘውትሬ እሰማዋለሁ። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. 2024 ከ1850–1900 አማካይ በ1.55 ዲግሪ ያህል የሞቀ ዓመት መሆኑን ሲያስታውቅ፣ አንድ ዓመት ከ1.5 አለፈ ማለት አገሮች ሙቀቱን ለመገደብ የተዋዋሉበት የፓሪስ ስምምነት ወሰን ታለፈ ማለት እንዳልሆነ አብሮ ተናግሯል፤ ወሰኑ የሚለካው በብዙ ዓመታት አማካይ ነውና። ከዚያ አንድ ዓመት ይልቅ የሚያሳስበኝ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2024 ያሉት አሥሩም ዓመታት እስከዚያ ድረስ በመዝገብ ከታወቁት ሁሉ ሞቃታማዎቹ አሥር መሆናቸው ነው።

ቆጠራውም ቢሆን ሊያሳስት ይችላልና፣ እንዴት እንደሚፈተሽ ማወቅ ይገባል። ጣቢያው ከሜዳ ወደ ሕንፃ ጥግ ቢዛወር፣ ወይም ዙሪያው በአስፋልትና በቆርቆሮ ቢሸፈን፣ ቴርሞሜትሩ የሚያነበው ሙቀት ይጨምራል፤ ይህ ግን የአየር ንብረት ለውጥ አይደለም። መዛወሩ በመዝገቡ ላይ እንደ ደረጃ ይታያል፤ እስከ አንድ ወር ድረስ አንድ ዓይነት የነበረው ቁጥር ከዚያ ወር ጀምሮ በድንገት ዘሎ እዚያው ይቀመጣል። የከተማ መስፋፋት ደግሞ በገጠር ካሉት ጎረቤት ጣቢያዎች ጋር ሲነጻጸር ይጋለጣል። በከተማም፣ በገጠርም፣ ከተማ በሌለበት በውቅያኖስ ላይም ሙቀቱ አብሮ ሲጨምር የታየው ግን በአስፋልት ሊሳበብ አይችልም።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልለፍ፤ ከአምስቱ ውስጥ በቅን ልቦና የተጠየቀ የሚመስለኝ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካዊው የሜትሮሎጂ ሊቅ ኤድዋርድ ሎሬንዝ በኮምፒውተር የሠራውን የአየር ስሌት ለመድገም ፈልጎ 0.506127 የነበረውን ቁጥር አሳጥሮ 0.506 ብሎ አስገባው። ስሌቱ መጀመሪያ ከፊተኛው ጋር አብሮ ሄደ፤ ቆይቶ ግን ፈጽሞ የማይገናኝ ሌላ የአየር ሁኔታ ወጣ። የመነሻው ልዩነት ከአንድ ሺህኛ ያነሰ ሳለ በየቀኑ እያደገ ሁሉን ዋጠው። የዛሬን አየር በየሜዳውና በየተራራው ያለ አንዳች ጉድለት ለክተን ስለማናውቀው፣ የዕለት ተዕለት ትንበያ ከሁለት ሳምንት ገደማ በላይ መራመድ አይችልም።

ይሁን እንጂ ጸሐፊው ራሱ በየዓመቱ የዘጠኝ ወር ትንበያ ያለ ስሕተት ይናገራል። ዛሬ ኅዳር ላይ ሆኖ «መጪው ነሐሴ ከመጪው ጥር ይልቅ ዝናባም ይሆናል» ቢባል አይከራከርም። የነሐሴ 10 ከሰዓት በኋላ ይዘንብ እንደሆነ ማንም ሊነግረው ባይችልም ነሐሴ ዝናባም እንደሚሆን ያውቃል፤ ምክንያቱም ይህ በዛሬው ደመና ላይ የተመሠረተ አይደለም። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትዘልቅ የዝናቡ ቀበቶ ተከትሏት ስለሚመጣ ነው። የአንድ ቀን ዝናብ «ደመናው አሁን የት ነው?» የሚል ጥያቄ ነው፤ የአየር ንብረት ግን «ወደ ምድር ስንት ሙቀት ይገባል፣ ስንትስ ይወጣል?» የሚል ጥያቄ ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ፤ ዛሬ ከ420 በላይ ናቸው። ይህ ጋዝ ወደ ሰማይ የሚወጣውን ሙቀት ስለሚይዝ፣ የሚገባውና የሚወጣው ሚዛን ተዛብቷል፤ ስለ 2050 የሚነገረውም ከዚህ የሚነሳ ነው። እሱም ቢሆን «ይህን ያህል ጋዝ ከለቀቅን ይህን ያህል ይሞቃል» የሚል ሁኔታዊ አነጋገር እንጂ የቀን ቀጠሮ አይደለም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሊያነሳው ይችል የነበረና ያላነሳው ጠንካራ ነጥብ አለ። ስለ ሙቀት ስሌቶቹ ሁሉ አንድ ቃል ናቸው፤ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ግን አይደሉም። ብዙዎቹ ስሌቶች ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዝናብ ይጨምራል ሲሉ፣ መዝገቡ ግን ባለፉት አሥርት ዓመታት መቀነሱን ያሳያል። ስለዚህ «ይሞቃል» የሚለውን በሙሉ እምነት ሳስተምር፣ «ዝናቡ እዚህ ቦታ ይህን ያህል ይሆናል» የሚለውን በዚያው እምነት አላስተምርም።

ስለ አንዲቷ ዲግሪ አጭር መልስ ይበቃል። የማለዳና የቀትር ልዩነት በየቀኑ ወጥቶ በየቀኑ ይመለሳል፤ የአማካይ ለውጥ ግን ሌሊቱንም ቀኑንም፣ በጋውንም ክረምቱንም ይዞ ይነሳል። በተራሮቻችን ላይ ወደ ላይ 1,000 ሜትር በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ አንድ ዲግሪ የ150 ሜትር ከፍታ ዋጋ አላት። አማካዩ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ቆላው በ150 ሜትር ያህል ወደ ወይና ደጋው ይወጣል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢ የተመዘገቡ የወባ ሕሙማንን ከሙቀት ጋር አነጻጽሮ፣ በሞቃት ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደምትወጣ አሳይቷል። ወደ ኋላ ብንመለከትም፣ ባለፈው የበረዶ ዘመን ጫፍ ላይ የዓለም አማካይ ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው የሚያንሰው ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ብቻ ነበር። በዚያ የበረዶ ዘመን ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚሮጥበት የባሌ ተራራ አናት በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር።

የመጨረሻው ነጥብ ስለ ድርቅ ነው፤ አዎ፣ ነበረ። አንድ ድርቅ ብቻውን የአየር ንብረት ለውጥ ማስረጃ አይሆንም፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን «ነበረ» ማለት ጥያቄውን አይዘጋውም። ጥያቄው ይህ ድርቅ ባልሞቀ ዓለም በስንት ዓመት አንዴ ይመጣ ነበር፣ አሁንስ በስንት ዓመት አንዴ ይመጣል የሚል ነው። ይህን ለመመለስ ባለሙያዎች የድሮ መዝገቦችን ይመረምራሉ፤ በኮምፒውተርም ሁለት ዓለም ያሰላሉ፣ አንዱ የዛሬውን ጋዝ የያዘ፣ ሌላው የሰው ልጅ የጨመረው ጋዝ የሌለበት፣ ከዚያም ድርቁ በየትኛው ስንት ጊዜ እንደሚከሰት ይቆጥራሉ። ከላይ የኅዳርን ጠዋቶች እንደቆጠርነው ማለት ነው።

ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ ዘዴው እንዲታመን የሚያደርገውም ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የደረሰው ድርቅ በዚህ መንገድ ሲመረመር፣ ብርቱው ኤልኒኖ ዝናቡን እንዳሳነሰው ታወቀ፤ የአየር ንብረት ለውጥ አሻራ ግን በዝናቡ መዝገብ ላይ ሊለይ አልቻለም፣ መርማሪዎቹም ይህንኑ ጻፉ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መገባደጃ ጀምሮ ቦረናን፣ የሶማሌ ክልልን፣ ሶማሊያንና ምሥራቅ ኬንያን የመታው ድርቅ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ቦረናዎች «ገና» እና «ሐገያ» የሚሏቸው ሁለቱ የዝናብ ወቅቶች እየተከታተሉ አምስት ጊዜ ከሸፉ። የዝናቡ መጥፋት ራሱ በከፊል የላኒና ሥራ ነበር፤ ላኒና የኤልኒኖ ተቃራኒ ሲሆን የደቡቡን የሐገያ ዝናብ ያደክማል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ምርመራ ግን ዝናቡን ብቻ ሳይሆን ከመሬትና ከሣር የሚተነውን ውሃም አብሮ መዘነ። ዓለም ባትሞቅ ኖሮ ያው የዝናብ እጥረት ይህን የመሰለ የእርሻና የግጦሽ ድርቅ ባላስከተለ ነበር፤ ሙቀቱ የወረደውን ጥቂት ዝናብ ከአፈሩ ላይ ፈጥኖ ስለወሰደው፣ የድርቁ የመከሰት ዕድል ቢያንስ መቶ እጥፍ አድጓል ሲሉ ደመደሙ። በአያቶቻችን ዘመን ያው ዝናብ በወረደ ጊዜ ለከብቱ ሣር ያበቅል የነበረው እርጥበት፣ በዚህኛው ጊዜ ሣሩ ሳይደርስ ተንኖ አልቋል።